ምሽት 2 ሰዓት፣ በየት አገር?

አሶሳ ተቀምጠን የምንሠራው መተግበሪያ ታማሚው መድኃኒቱን የሚወስድበትን ሰዓት ያስታውሰዋል፤ መውሰዱንም ለቤተሰቡ ያሳያል። ታማሚዋ እናት ኩርሙክ፣ ወንድሟ ካርቱም፣ ልጇ ዋሽንግተን ሊሆኑ ይችላሉ። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሱዳን ደግሞ 2። ስለዚህ ኩርሙክ ላይ ድንበሩን የተሻገረ ሰው ሰዓቱን አንድ ወደ ኋላ ይመልሳል። (ፀሐይዋን ከጠየቃችሁ ለካርቱም ታደላለች፤ አሶሳ ላይ አናታችን ላይ የምትደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው።)

ለጀማሪ ፕሮግራመር ቀድሞ የሚነገረው ምክር «ሰዓት ሁሉ በዩቲሲ ይቀመጥ» የሚል ነው። እናትየው ትናንት ክኒኗን መቼ እንደዋጠች ለመመዝገብ ከዚህ የተሻለ የለም። በየዕለቱ ለሚደጋገም ቀጠሮ ግን አይበጅም። ሱዳን እስከ 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ከእኛ ጋር በእኩል ሰዓት ነበረች፤ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰች። የካርቱሙ ወንድም ያኔ «ዘወትር ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚል ቀጠሮ ቢኖረውና በዩቲሲ 05:00 ተብሎ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ የሚጮኸው በካርቱም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይሆን ነበር። መንግሥት ሰዓት ቀየረ እንጂ ሰውየው ቀጠሮውን አልቀየረም።

ስለዚህ የሚቀመጠው ሰውየው የተናገረው ሰዓትና ሰዓቱ የሚቆጠርበት ቦታ ነው፦

```
time: 20:00
zone: Africa/Addis_Ababa
```

የዩቲሲው ቅጽበት ከዚህ ላይ የሚሰላው ቀኑ ሲቃረብ ብቻ ነው። +03:00 ብሎ ልዩነቱን ብቻ መጻፍም አይበቃም፤ የቦታው ስም ከሌለ ነገ የሚመጣውን ለውጥ የሚከታተል የለም። ልጅየዋ የእናቷን የምሽት 2 ሰዓት ክኒን በክረምት ዋሽንግተን ላይ እኩለ ቀን ላይ ታየዋለች፤ የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት ስትገፋ ግን በእሷ ስክሪን ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። የእናትየው ሰዓት አይነቃነቅም፤ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው።

ድንበር ላይ ያለው ችግር ከዚህ ይከብዳል። ስልኩ የሰዓት ቀጠናውን ከኔትወርክ እንዲወስድ ከተደረገ፣ ኩርሙክ አጠገብ የሱዳን ምልክት ሲይዝ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። መተግበሪያው የስልኩን ቀጠና የሚከተል ከሆነ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ጮኾ፣ ስልኩ ወደ 1 ሰዓት ተመልሶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና «2 ሰዓት ነው» ብሎ ይጮኻል። እናትየው የታዘዘችውን ካመነች ሁለት ክኒን ትውጣለች። ይህን የሚከለክሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቀጠናውን ከስልኩ ሳይሆን ከመርሐ ግብሩ መውሰድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መድኃኒቱን በጩኸቱ ሳይሆን በቀኑና በተራው መመዝገብ ነው፤ «የካቲት 29፣ የማታ» የሚለው ተራ አንዴ ከተሞላ በዚያ ስም ሌላ ማስታወሻ አይነሣም።

እኛ አገር ብቻ የሚገጥም የሚመስለኝ ሌላ ጉዳይ አለ። አንዳንድ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጁ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ያስተካክለዋል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ስልኩም 2:00 እንዲልለት። ቀጠናው ግን የአዲስ አበባ እንደሆነ ይቀራል። ለኮምፒውተሩ ይህ ማለት ዓለም በሙሉ 6 ሰዓት ዘግይታለች ማለት ነው፤ 08:00 ላይ የተያዘ ማስታወሻ የሚጮኸው ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የስልኩን ዩቲሲ ከሰርቨሩ ጋር አስተያዩት። የሰከንዶች ወይም የጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት የተለመደ መንሸራተት ነው፤ ወደ 6 ሰዓት የተጠጋ ከሆነ ግን ባለቤቱ ሆን ብሎ ያደረገው ነው። «ሰዓትዎ ተሳስቷል» ብሎ ማስገደድን እኔ አልወደውም፤ ለእሱ ልክ ነውና። በአንድሮይድ ላይ ማስታወሻውን በግድግዳ ሰዓት ሳይሆን ስልኩ ከተነሣ ወዲህ ባለፈው ጊዜ ማሰር ይቻላል፦ `ELAPSED_REALTIME_WAKEUP`። ሰዓቱን ቢነካካውም ቆጠራው አይዛባም። ጉድለቱ ስልኩ ጠፍቶ ሲነሣ መጥፋቱ ነው፤ መተግበሪያው ስልኩ በተነሣ ቁጥር እንደገና መመዝገብ አለበት።

የቀረው የቀጠናዎቹ መዝገብ ነው። ደቡብ ሱዳን ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰዓቷን ስትቀይር፣ ለውጡን የያዘው `2021a` የተባለው እትም የወጣው ከዚያ 8 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ለዓመታት ዝማኔ ያላገኘ ስልክ በ8 ቀን ሊደርስበት አይችልም። ስለዚህ ስሌቱን ስልኩ ላይ አንተወውም፤ ሰርቨሩ የቀጣዮቹን 14 ቀናት ቅጽበቶች አስልቶ ይልካል፣ መዝገቡ በታደሰ ቁጥርም መልሶ ያሰላቸዋል። ኔትወርክ ለሳምንት ቢጠፋም ስልኩ የሚጮኽበትን ያውቃል።