ከ«ታል» እስከ «ሊቢ»

እስራኤል ውስጥ በአንድ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ አማርኛና ዕብራይስጥ የምታስተረጉም ባለሙያ፣ ከክብደትና ከክትባት ቀጥሎ አዘውትራ የምትሰማው የስም ጉዳይ ነው። ለምሳሌ የእናትየው ወላጆች ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ የአባትየው ወላጆች ደግሞ አንድም የአማርኛ ቃል አያውቁም። የሚፈለገው ሁለቱም ወገን ትርጉሙን የሚያውቀው፣ ሲጠሩትም ምላስ የማያስቸግር ስም ነው።

የጉዳዩ ክብደት ከታሪክ ይመጣል። ከ1984 እስከ 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ በኋላም በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ከደረሱት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ባህላቸው የቤተሰብ ስም ባያውቅም፣ መዝገቡ ስለጠየቀ ብቻ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጻፈ። ስማቸው በአንድ ቀን የተለወጠባቸው አያቶች የልጅ ልጃቸው ስም ላይ አስተያየት ቢኖራቸው አይገርምም።

ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ ሥራው ቀላል ይመስላል። አስተርጓሚዋ ግን የሥር መመሳሰል ብቻውን አይበቃም ትላለች፤ «ታል» የሚለውን ስም ለዚህ ትጠቅሳለች። በዕብራይስጥ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ስም ሲሆን ትርጉሙ ጤዛ ነው። ግዕዙም «ጠል» ይላል፣ ቃሉ በአማርኛም ይታወቃል። ይሁንና የዛሬው ዕብራይስጥ ተናጋሪ «ጠ»ን እንደ «ተ» ነው የሚጠራው፤ አናባቢውም የአማርኛው ግዕዝ ሳይሆን ራብዕ ነው። አንድ አያት ስሙን በራሳቸው አንደበት «ጠ»ውን አጥብቀው ሲሉት «ጣል» ሆነ። «ልጄ፣ ምኑን ነው የምጥለው?» አሉ። ወላጆቹ ስሙን ተዉት።

እዚህ ላይ የባለሙያዋ ፍርድ ልብ ሊባል ይገባል። ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሩት እንደ ጠ፣ ቀ እና ጨ ያሉትን ድምፆች ነው። ጥላሁን ግን «ትላሁን» ቢባልም ያው ጥላሁን ነው፤ ሰሚ አይስተውም። ስሙን ሌላ ቃል የሚያደርገው አናባቢው ነው። የዕብራይስጥ አናባቢ አምስት ብቻ ነው፤ የአማርኛው ግዕዝና ሳድስ በዚያ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ግዕዙ ወደ «ኤ» ወይም ወደ «ኣ»፣ ሳድሱ ደግሞ ወደ «ኢ» ወይም ወደ «ኤ» ይሳባል። በሌላ አቅጣጫ «ሻይ» ስጦታ ማለት የሆነ የታወቀ የዕብራይስጥ ስም ነው፤ ለጎንደሬ ጆሮ ግን ከሻይ ቤቱ ሻይ በምንም አይለይም።

ሁለተኛው ፈተና ጽሕፈቱ ነው፤ ዕብራይስጥ በተለመደው አጻጻፉ አናባቢን በአብዛኛው አይጽፍም። አንድ አባት ለወንድ ልጁ «ነጋ» የሚለውን ስም መረጠ። በዕብራይስጥ «ኖጋ» ብርሃን፣ የቬኑስ ፕላኔትም ስም ነው፣ ሥሩም ከግዕዙ «ነግሀ» ጋር አንድ ነው፤ ምርጫው የተዋጣለት መሰለ። አስተርጓሚዋ ኑን፣ ጊሜልና ሄ ብላ በወረቀት ጻፈችና ስሙን ላልሰማች ነርስ ሰጠቻት። ነርሷ ሳታመነታ «ኖጋ» አለች፤ ኖጋ ደግሞ በእስራኤል በብዛት የሴት ስም ነው። ልጁ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ስሙ በተጠራ ቁጥር ማረም አለበት ማለት ነው። መጨረሻውን በሄ ፋንታ በአሌፍ መጻፍ ከኖጋ የተለመደ አጻጻፍ ይለየዋል፤ ቢሆንም ያልሰማው አንባቢ «ነ»ውን በምን አናባቢ እንደሚያነበው እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ለሴት ልጅ ቢሆን ግን ኖጋ ራሱ ጥሩ ስም ነው፤ አያቶች «ነጋ» ከሚለው ጋር ለማገናኘት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል።

ሴት ልጅ የወለዱት የነታንያ ባልና ሚስት መጀመሪያ ያሰቡት «ኦሪት»ን ነበር። በዕብራይስጥ ብርሃን ማለት ከሆነው «ኦር» ከሚለው ቃል ጋር የሚያያዝ የሴት ስም ነው፤ በቤተ እስራኤል ዘንድ ደግሞ በግዕዝ የተጻፈው ቅዱስ መጽሐፍ ነው። አጠራሩ በሁለቱም አፍ ያው ነው፤ ጽሕፈቱም አያደናግርም። የእናትየው አባት ግን መጽሐፉን ቄሱ በአክብሮት ሲይዙት ስላዩ፣ በዚያ ስም ሕፃን መጥራት ከበዳቸው። የአባትየው እናትም ስሙ የእሳቸው ዘመን ሴቶች ስም እንደሆነ ተናገሩ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

ያን ጊዜ እናትየው «ሊቢ»ን አነሳች። በዕብራይስጥ «ልቤ» ማለት ነው፣ ዛሬም ለሴት ልጆች ይወጣል። አስተርጓሚዋ ያንኑ ፈተና ደገመችው፦ ላሜድ፣ ዮድ፣ ቤት፣ ዮድ ብላ ጻፈች፤ ነርሷ በትክክል አነበበችው። አያትየው ከወንበራቸው ሳይነሱ «ሊቢ» ብለው ጠሯት፤ ወዲያው ደግሞ «ልቤ» አሉ። አጠራሩ ቢለያይም ትርጉሙ አልተለወጠም። ማስጠንቀቂያ ያስፈለገው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አማርኛው «ልቤ» ብሎ «በ»ውን ያጠብቃል፣ ዕብራይስጡ አያጠብቅም። አስተርጓሚዋ ወላጆቹን አንዱን አጠራር ለይተው በመዝገብ እንዲያጸኑ፣ ሌላው የቤት መጠሪያ እንዲሆን መከረቻቸው። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ሊቢ ነው።