የሶላር ቻርጀር ዋት በማስመሪያ ሲለካ

በኤሌክትሮኒክስ ሱቆች መደርደሪያ ላይ በብዛት ከሚታዩ ዕቃዎች አንዱ ጀርባው ላይ ትንሽ ጥቁር ሶላር የተለጠፈበት ፓወር ባንክ ነው። መጠኑ የእጅ ስልክ ያህላል። ካርቶኑ ላይ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፎበታል፤ ሻጩም ፀሐይ ላይ ካስቀመጡት መብራት ቢጠፋ እንደማያሳስብ ይናገራል። መብራት ለሚቆራረጥበት ወይም ጭራሹን ላልገባለት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያ ፓወር ባንክ ባዶውን ሆኖ በራሱ ሶላር ብቻ ይሙላ ቢባል፣ ፀሐይ ሳይጓደልበትም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ዕቃው ተበላሽቶ ወይም ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም። ሶላሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነው።

ሶላር ቻርጀር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሁሉም በፊት ሊያውቀው የሚገባው የስፋትን ነገር ነው። ሰማይ ጠርቶ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው የብርሃን ጉልበት ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። ዛሬ በገበያ ላይ ያለ ጥሩ የሲሊከን ሶላር ከዚህ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከ20 እስከ 23 በመቶ ያህሉን ነው። ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ሶላር በጣም ቢሰጥ 200 ዋት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። የትኛውም የንግድ ስም ቢለጠፍበት ከዚህ ብዙ ሊያልፍ አይችልም።

ከዚህ ተነስተን ሱቅ ውስጥ ቆመን የምንሠራበት ቀላል ስሌት ማውጣት ይቻላል። የጥቁሩን ክፍል ርዝመትና ስፋት በሴንቲ ሜትር ለኩ፤ ሁለቱን አባዙ፤ ውጤቱን ለ50 አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር ሶላሩ በጥሩ ፀሐይ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ዋት ነው ማለት ይቻላል። መለካት ያለበት ብርሃን የሚቀበለው ጥቁሩ ክፍል ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ያለው ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ አይቆጠርም። ለምሳሌ 40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ታጣፊ ሶላር 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ለ50 ሲካፈል 40 ዋት ይሆናል። ካርቶኑ ላይ 42 ወይም 45 ዋት ቢል ያስኬዳል። 100 ዋት ቢል ግን ሐሰት ነው።

አሁን ወደዚያ ፓወር ባንክ እንመለስ። ሶላሩ 7 በ14 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 98 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሊሰጥ የሚችለውም ቢበዛ 2 ዋት፣ በተግባር ከ1 ዋት ትንሽ በለጥ ያለ ነው። በሌላ በኩል 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዘው የውስጡ ባትሪ 3.7 ቮልት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ ለመሙላት 74 ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። 1.3 ዋት የሚሰጥ ሶላር በቀን 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 6.5 ዋት ሰዓት ይሰበስባል። 74ን ለ6.5 ስናካፍል ከ11 ቀን በላይ ይሆናል፤ ሲሞላ የሚባክነው ሲታከልበት ሁለት ሳምንት ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ቤት ውስጥ በመብራት ሞልተው ይዘው ቢወጡ ጥሩ ፓወር ባንክ ነው። ሶላሩ ለጭንቅ ጊዜ አንድ ሁለት የስልክ ጥሪ የሚያስደውል ያህል ጉልበት ይሰጣል እንጂ የዕለት ምንጭ ሊሆን አይችልም።

በስፋቱ ልክ የተጻፈ እውነተኛ ዋትም ቢሆን ደጅ ላይ እንዳለ አይገኝም። ፋብሪካው ያንን ቁጥር የሚያወጣው በቤተ ሙከራ ነው፤ በዚያ ብርሃኑ በካሬ ሜትር ልክ 1,000 ዋት፣ የሶላሩ ሙቀት ደግሞ 25 ዲግሪ ነው። ደጅ ላይ በቀትር የተዘረጋ ጥቁር ሶላር ግን እስከ 60 ዲግሪ ሊግል ይችላል። ሲሊከን ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ በ60 ዲግሪ ሲሆን ጉድለቱ 14 በመቶ ይደርሳል። አቧራው፣ የፀሐይዋ ማዘንበልና ወደ 5 ቮልት የሚለውጠው ትንሽ ዕቃ የሚያባክነው ሲደመሩ፣ ከተጻፈው ዋት 70 በመቶውን ያገኘ ሰው ጥሩ ሶላር ገዝቷል ማለት ነው።

ይህን በአንድ ምሳሌ እንየው። መብራት ባልደረሰበት የደጋ ቀበሌ የምታስተምር መምህርት 10 ዋት የሚል ሶላር አላት እንበል። ለክታዋለች፤ 22 በ24 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ቁጥሩ እውነት ነው። ስልኳ 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ አለው፤ ይህም ወደ 19 ዋት ሰዓት ይሆናል። በበጋ፣ ሰማይ ጠርቶ በሚውልበት ወር፣ የአንድ ቀን ፀሐይ ሲደመር 6 ሰዓት ሙሉ ቀትር እንደማለት ነው። 10 ዋት በ6 ሰዓት ተባዝቶ 70 በመቶው ሲወሰድ 42 ዋት ሰዓት ይገኛል። ጉልበቱ መጀመሪያ ወደ ፓወር ባንክ፣ ከዚያ ወደ ስልክ ሲያልፍ ሲሶው ያህል በመንገድ ይቀራል። የተረፈው 29 ዋት ሰዓት ስልኳን ሞልቶ ለሌላ ሰው ስልክ ግማሽ ይበቃል። ይህ ግን ሶላሩ ከጧት እስከ ማታ ጥላ ሳያገኘው ሲውል ነው።

ክረምት ሲገባ ስሌቱ ይቀየራል። ስስ ደመና ሲሆን ሶላሩ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጉልበት ሊሰጥ ይችላል። ዝናብ ያዘለ ጥቁር ደመና ሰማዩን ሲሸፍነው ግን የሚቀረው ከ10 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው። የሰው ዓይን ብርሃን ሲያንስ ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱን በደንብ አይለየውም፤ ቀኑ ብርሃን ሆኖ እያየነው ሶላሩ ከአራት አንድ ብቻ እየሰጠ ሊሆን ይችላል። መምህርቷ ጨርሶ በማይገለጥ ቀን የምታገኘው የአንድ ሰዓት ተኩል ቀትር ያህል ቢሆን፣ በዚያው ስሌት ስልኳ ላይ የሚደርሰው 7 ዋት ሰዓት ነው። ይህ የባትሪውን ሲሶ ብቻ ይሞላል። ለመደወልና መልእክት ለመላክ ይበቃል፤ ቪዲዮ ለማየት ግን አይበቃም።

በደመናማ ቀን ሁለት ነገሮች ይረዳሉ። የመጀመሪያው ሰዓት መምረጥ ነው። በደጋው አገር የክረምት ጧት ብዙ ጊዜ ገለጥ ብሎ ደመናው የሚከብደው ከቀትር በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሶላሩ ከማለዳው መውጣት አለበት እንጂ ፀሐይዋ እስክትበረታ መጠበቅ የለበትም። ሁለተኛው አቀማመጡ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሰሜን ለሚኖሩ ሰዎች ስለሆነ፣ ሶላሩን ወደ ደቡብ በደንብ አዘንብሉት ይላል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በሰኔና በሐምሌ የቀትር ፀሐይ ለአዲስ አበባ ከአናት ጥቂት ወደ ሰሜን ነው የምትገኘው። በዚያ ላይ ደመና ሲኖር ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ሳይሆን ከመላው ሰማይ ነው የሚመጣው። በክረምት ሶላሩን ሰማይ በሰፊው በሚታይበት ቦታ ጠፍጣፋ አድርጎ ማስተኛት ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ያኔ ወደዚያው ቀና ማድረግ ይጠቅማል።

ብዙ ሰው ሶላሩ ተበላሸ ብሎ የሚያማርርበት አንድ ችግር አለ፤ እሱም ስልክን በቀጥታ ከሶላር ጋር ማያያዝ ነው። ደመና ሲያልፍ የሶላሩ ጉልበት በቅጽበት ይወርዳል። ስልኩም ከደካማ ምንጭ ጋር የተያያዘ መስሎት የሚስበውን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። ፀሐይዋ ስትመለስ አንዳንድ ስልኮች ወደ ቀድሞው ፍጥነት አይመለሱም፤ ገመዱ ተነቅሎ እስኪሰካ ድረስ በዝቅተኛው ይቀጥላሉ ወይም ጨርሶ አይሞሉም። ስልኩን ሰክቶ እርሻ የወረደ ሰው ማታ ሲመለስ 5 በመቶ ብቻ ተጨምሮ የሚያገኘው ለዚህ ነው። መፍትሔው መሐል ላይ ፓወር ባንክ ማስገባት ነው። ቀን ሶላሩ ፓወር ባንኩን ይሞላል፤ ማታ ፓወር ባንኩ ስልኩን ይሞላል። ፓወር ባንክ በጥቅሉ የሚዋዥቅ ጉልበትን ከስልክ ይልቅ ይችላል። ቢሆንም ደመና በሚመላለስበት ቀን መለስ ብሎ የሚሞላ መሆኑን የሚያሳየውን መብራት ማየትና ካልበራ ነቅሎ መሰካት አይጎዳም።

ጥላም ቀላል ነገር አይደለም። በሶላሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክፍሎች ተራ በተራ የተያያዙ ናቸው፤ ባልዲ ውሃ በሰልፍ ከሚቀባበሉ ሰዎች አንዱ እጁን ቢያጥፍ ሁሉም እንደሚቆሙ፣ አንዱ ክፍል ጥላ ሲያርፍበት የሌሎቹም ጉልበት ይታነቃል። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ከስፋቱ በላይ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ለዚህ ነው። በመስኮት መስታወት ውስጥ አድርጎ ማስቀመጥም ጉልበቱን በደንብ ይቀንሳል፤ ሶላሩ ደጅ መውጣት አለበት።

ሶላሩ ፀሐይ ሲፈልግ ስልኩና ፓወር ባንኩ ግን ጥላ ይፈልጋሉ። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ እንዲሞላ አይመከርም፤ በቀትር ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ስልክ ደግሞ ይህን በቀላሉ ያልፋል። አንዳንድ ስልክ ራሱ በጣም ሞቀ ብሎ መሙላት ያቆማል፤ የማያቆመው ደግሞ ባትሪው ቶሎ ያረጃል። ሶላሩና ባትሪው አንድ አካል የሆኑ ዕቃዎች ትልቁ ድካማቸው ይኸው ነው፤ ሶላሩ እንዲሠራ ባትሪው ፀሐይ ላይ መቀቀል አለበት። ለብቻው የሆነ ሶላር ገዝቶ ፓወር ባንኩን በገመድ ከሶላሩ ሥር ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ይህን ችግር ያስቀራል።

የገዙት ሶላር የሚሰጠውን ማወቅ ከፈለጉ በዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካ ትንሽ መለኪያ አለ፤ ቮልቱንና አምፒሩን ያሳያል። በጠራ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ባዶ ፓወር ባንክ ሰክተው ሁለቱን ቁጥሮች ያባዙ። 10 ዋት የተባለው ሶላር 5 ቮልትና 1.4 አምፒር ቢያሳይ 7 ዋት ነው፤ ጤነኛ ነው ማለት ነው። 0.5 አምፒር ብቻ ካሳየ በመጀመሪያ ሌላ ገመድ ይሞክሩ፤ ቀጭንና ረጅም ገመድ ብዙ ያባክናል። ገመድ ተቀይሮ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ሶላሩ ፀሐይን ፊት ለፊት እያየም ቁጥሩ ካልጨመረ ዕቃው የተጻፈበትን አይደለምና ሱቁ ሳይረሳዎት መመለስ ነው።

በዚህ ሁሉ መሠረት መምህርቷ ዕቃዋን የምትመርጠው የበጋውን ቀን ሳይሆን የነሐሴን ደመና እያሰበች ነው። በበጋ 10 ዋቱ ይተርፋታል። በክረምት አንድ ስልክ በየቀኑ ሙሉ እንዲሆንላት ከፈለገች ግን ሶላሩ 20 ዋት፣ ስፋቱም ቢያንስ 1,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ከሱ ጋር ከገለጥተኛው ቀን ወደ ጨለማው ቀን የሚያሻግር 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ይበቃታል። ያም ሆኖ ደመናው ለቀናት ከቆየ ስክሪኑን ማደብዘዝና ቪዲዮውን መተው ይኖርባታል። በአንጻሩ ባትሪው 1,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ የሆነ ባለ ቁልፍ ስልክ የሚይዝ ጎረቤቷ፣ 5 ዋት ሶላር ገዝቶ በዚያው ጨለማ ቀን እንኳ ስልኩን በአንድ ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረውም።

ከነሐሴው ስሌት የሚያንስ ሶላር ቢረክስም ክረምቱን አያሻግርም። ስለዚህ ገንዘቡ በቅድሚያ መውጣት ያለበት ለሶላሩ ስፋት ነው፤ ፓወር ባንኩ ላይ ለተጻፈው ትልቅ ቁጥር አይደለም።