ሶሌታውም ሞላ ነው

ከታች ምግብ ቤት፣ ከላይ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ አይደለም። የኩሽናው ጭስ በላሜራ ቱቦ እስከ ጣሪያ ይወጣል፤ እዚያ የተተከለ ትልቅ ፋን ይስበዋል። ፋኑ ካረፈበት ሶሌታ ሥር ደግሞ ሰው ይተኛል። ቅሬታ ሲመጣ የሚደረገው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ባለሙያ ይጠራል፣ ከፋኑ እግር ሥር ወፍራም ጎማ ይገባል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ማታ ላይ ግን መስኮቱ እንደ በፊቱ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ይብስበታል።

ባሰ የሚሉ ተከራዮች አጋነኑ ይባላሉ። ስሌቱ ግን ከእነሱ ጋር ነው።

አንድ ፋን እንውሰድ። ከነሞተሩና ከነፍሬሙ 400 ኪሎ ይመዝናል፣ በደቂቃ 600 ዙር ይዞራል፣ 12 ክንፍ አለው። 600 ዙር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 10 ዙር፣ ማለትም 10 ሄርዝ ነው። የትኛውም የሚሽከረከር ነገር ፍጹም ሚዛን ስለሌለው በየዙሩ ሶሌታውን አንድ ጊዜ ይገፋል። ይህን 10 ሄርዝ ጆሮ አይሰማውም፤ የሚያውቁት አልጋው፣ መስታወቱና የተንጠለጠለው መብራት ናቸው። ጆሮ የሚሰማው እምምታ ሌላ ነው፤ 12ቱ ክንፎች በሴኮንድ 120 ጊዜ አየሩን ሲቆርጡ የሚፈጠር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የብዙ ገንዘብ ብክነት ምንጭ ነው፤ የመጀመሪያው ንዝረት፣ ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ከንዝረቱ እንጀምር። ከፋኑ ሥር የሚገባ ጎማም ሆነ ሞላ በክብደቱ ምን ያህል እንደሚጨመቅ ከታወቀ፣ በራሱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወዛወዝ ይታወቃል። ቀመሩ f = 15.8 ÷ √d ነው፤ d ጭማቂው በሚሊ ሜትር፣ f ደግሞ ውጤቱ በሄርዝ። 3 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ ጎማ 9 ሄርዝ ገደማ ይሰጣል። ፋኑ በ10 ይገፋል፣ ጎማው በ9 መወዛወዝ ይወዳል። እንዲህ ሲቀራረቡ ጎማው ንዝረቱን ከማገድ ይልቅ ያባዛዋል። 25 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ የብረት ሞላ ግን ወደ 3.2 ሄርዝ ስለሚወርድ ከግፊቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ያሳልፋል። የሻጩ ካታሎግም የሚለው ይህንኑ ነው፤ 90 በመቶ ያግዳል።

ካታሎጉ አልዋሸም። ያሰላው ግን ሞላው የማይነቃነቅ መሬት ላይ እንዳረፈ አድርጎ ነው። የእኛ ፋን ያረፈው ሪብድ ስላብ ላይ ነው፤ በቢሞቹ መካከል ውስጡ ባዶ ብሎኬት ተደርድሮ፣ ከላዩ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ኮንክሪት የፈሰሰበት፣ በኮንዶሚኒየሞቻችን የምናውቀው ዓይነት። ቀላል ነው፣ ብረትና ሲሚንቶ ይቆጥባል። ነገር ግን ራሱ ይረግባል። ስድስት ሜትር የሚያህል ርቀት የሚሸፍን እንዲህ ያለ ሶሌታ በራሱ ክብደት መሐሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ቢረግብ፣ በራሱ የሚወዛወዝበት ፍጥነት በግምት 18 ÷ √4፣ ማለትም 9 ሄርዝ ይሆናል። (የሚቆጠረው ቅርጹ እንደተፈታ የሚረግበው ነው፤ ኮንክሪት በዓመታት የሚጨምረው እርግበት እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም።) ስለዚህ ሞላው ያሳለፈው አንድ አሥረኛ ግፊት 9 ሄርዝ ላይ የሚጠብቀው ሶሌታ ላይ ሲደርስ አራት እጥፍ ገደማ ሊገንን ይችላል። የተገዛው 90 በመቶ እገዳ ወደ 60 በመቶ ወረደ ማለት ነው።

ይህን ሞላ ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ይቻላል። ፋኑ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ሳለ ይጠፋና እስኪቆም ድረስ ከሥሩ ያለው ክፍል ውስጥ ይቆያል። ንዝረቱ ቀስ በቀስ ከመክሰም ይልቅ ከጠፋ በኋላ ለአፍታ በርትቶ ከወረደ፣ ያቺ ቅጽበት ፋኑ በሶሌታው የራሱ ፍጥነት ያለፈባት ናት። phyphox የተባለው ነፃ የስልክ መተግበሪያ በስልኩ የፍጥንጥነት መለኪያ የትኛው ሄርዝ ጎልቶ እንደወጣ ያሳያል፤ ስልኩን ወለሉ ላይ ማስቀመጥ ነው። ማታ ሠፈሩ እንዲያርፍ ተብሎ በኢንቨርተር ፍጥነቱን ወደ 540 ዙር የሚቀንስ ሰው ያለቤቱ ገብቷል፤ 540 ዙር በትክክል 9 ሄርዝ ነው። ብዙ ኢንቨርተሮች የተወሰነ የፍጥነት ክልል ዘልሎ ማለፍን ይፈቅዳሉ፤ ይህን ማስተካከል ወጪ የለውም።

ዋናው መፍትሔ ግን ቦታ ነው። ከምሰሶ ምሰሶ የሚዘረጋ የብረት ቢም ተደርጎ ፋኑ እሱ ላይ ከተቀመጠ ሶሌታው ከነገሩ ይወጣል። ይህ በግንባታ ጊዜ ቀላል፣ ጣሪያው ውኃ እንዳያስገባ ከታሸገ በኋላ ግን አድካሚ ነው። ቦታው ካልተቀየረ 25 ሚሊ ሜትሩ ቀርቶ 50 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ ሞላ ይመረጣል፤ ወደ 2.2 ሄርዝ ይወርዳል፣ የሚያሳልፈውም ግማሽ ይሆናል። ፋኑን ከባድ የኮንክሪት መሠረት ላይ ማሰር የፋኑን የራሱን መወዛወዝ ያረጋጋል፤ ቀላል ሶሌታ ላይ ግን ተጨማሪ ጭነት ስለሆነ የስትራክቸር መሐንዲስ ሳያየው አይደረግም። እዚህ ላይ እኔ ጠንካራ የብረት ፍሬም እመርጣለሁ።

ሞላ ሲገዛ አራት አንድ ዓይነት ብሎ መግዛት ስሕተት ነው። ሞተሩ በአንድ ወገን ስላለ ከ400 ኪሎው በሁለቱ ማዕዘኖች 130፣ 130፣ በሌሎቹ 70፣ 70 ሊያርፍ ይችላል። እያንዳንዱ ሞላ በደረሰበት ጭነት እኩል 50 ሚሊ ሜትር እንዲጨመቅ ይመረጣል፤ አለዚያ ፋኑ ያዘነብላል። ከእያንዳንዱ ሞላ ሥርም ጎማ ይግባ፤ ብረቱ ዝቅተኛውን ንዝረት ቢያግድም 120ውን እምምታ በጥምዝምዙ በኩል ሊያወርደው ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው። ነፋስ እንዳይገለብጠው የተደረገው ማገጃ ዳዶው ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሌለው ሞላው የለም ማለት ነው። የልስን ፍርፋሪ ከፍሬሙ ሥር ይቀራል። የኤሌክትሪክ ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ሞተሩ ይገባል። የጭሱ ቱቦ ሙቀትና ቅባት የሚችል ልል ማያያዣ ሳይኖረው በቡሎን ይጠበቃል። ይህ ሁሉ በባትሪ ጎንበስ ብሎ ሲያዩት ይገኛል።

ድምፁ ላይ ስንመጣ የቀላል ሶሌታ ችግር ክብደት ማጣቱ ነው። ግድግዳም ይሁን ሶሌታ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን የሚያግደው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ያድጋል፤ ጣሪያውን እጥፍ ማክበድ ደግሞ አይታሰብም። ስፖንጅና የእንቁላል ትሪ መለጠፍ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከላይ የሚመጣውን አያግድም። የሚሠራው ከሶሌታው በጎማ ማንጠልጠያ የወረደ ባለሁለት ድርብ የጂፕሰም ኮርኒስ ነው፤ ክፍተቱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በማዕድን ሱፍ ሲሞላ 120ውን እምምታ ያለዝባል። 10 ሄርዙን ግን አይነካውም፤ ስለዚህ ኮርኒስ ከሞላ በፊት ከተሠራ ገንዘቡ ባከነ።

ወደ ጎረቤት የሚተፋው ድምፅ በማፈኛ ይቀነሳል። ሱፉ ራቁቱን የሆነ ተራ ማፈኛ ግን ለኩሽና ጭስ አይሆንም፤ ሱፉ ቅባት ይጠጣል፣ ከዚያም የእሳት ማገዶ ይሆናል። ቅባት የማያስገባ ሽፋን ያለው ወይም ጭራሽ ሱፍ የሌለው ዓይነት ይመረጥ፤ መክፈቻና ማጽጃ በርም ይኑረው። ቅባቱ ክንፎቹም ላይ ይጋገራል፣ እኩልም አይጋገርም። በደህና የተሠራ ፋን ከወራት በኋላ እንደገና መንቀጥቀጥ ከጀመረ መጀመሪያ የሚታየው ሞላው ሳይሆን ክንፉ ነው፤ ቀጥሎ ቺንጋው፣ ከዚያ ኩሽኔታው።