በጉን ከመግዛታችሁ በፊት ወገቡን ዳብሱ

ለበዓል በግ ስትገዙ ሆዱ አያታልላችሁ። ጨው ልሶ ውሃ የጠጣ በግ በአንድ ጠዋት የወፈረ ይመስላል፤ ያ ግን ሥጋ አይደለም። እኔ በእንስሳት ሕክምና ሥራዬ መጀመሪያ የምነካው ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ ያለውን ወገብ ነው። እጃችሁን ጸጉሩ ውስጥ አስገብታችሁ ዳብሱ። አከርካሪው እንደ መጋዝ ጥርስ ከቆረቆራችሁ በጉ ከስቷል፤ አጥንቱ የሚገኘው ጫን ስትሉ ብቻ ከሆነ ሥጋ ይዟል።

ቀጥሎ ሜትር አውጡ። ከፊት እግሩ ኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ከዚያም ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ያለውን ርዝመት ለኩ። ዙሪያውን በራሱ፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዙና ለ10,800 አካፍሉ። 72 ሴንቲሜትር ዙሪያና 62 ሴንቲሜትር ርዝመት 30 ኪሎ ገደማ ይሰጣል፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ደህና ሥጋ የያዘ ከሆነ 42 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከነአጥንቱ 12 ኪሎ ተኩል ሥጋ ይወጣዋል። የከሳ ከሆነ 11 ኪሎ ብታገኙ ነው።

የሥጋውን ኪሎ በሰፈራችሁ የበግ ሥጋ ዋጋ አባዙት። ኪሎው 800 ብር ነው ብንል ለ12 ኪሎ ተኩሉ 10,000 ብር ይመጣል። ለሆድ ዕቃውና ለጭንቅላቱ ትንሽ ጨምሩበት። የበዓል ጭማሪ አይቀርም፤ ወገቡ ለሚቆረቁር በግ ግን እኔ አልከፍለውም።