ሲቪን በክህሎት ማደራጀት፦ ቦታው ይቀየር፣ ግሱ አይነካ

የሥራ ልምድን ከዓመታት ቅደም ተከተል አውጥቶ በክህሎት መደልደል የቦታ ለውጥ እንጂ የይዘት ለውጥ አይደለም። ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. በሱቅ ገንዘብ ተቀባይነት፣ ከዚያ እስከ 2015 በመጋዘን ሠራተኝነት ያገለገለ ሰው ለንብረት ክፍል ኃላፊነት ያመለክታል እንበል። ከመጀመሪያው ሥራ «የዕለት ሂሳብ ማመሳከር»፣ ከሁለተኛው «በወርሃዊ ቆጠራ መሳተፍ» የሚሉት መስመሮች «ቁጥጥር» በሚል ርዕስ ሥር ይገናኛሉ። በየመስመሩ መጨረሻ የተሠራበት ቦታና ዓመት ይጻፍ። «መሳተፍ» ወደ «መምራት» ከተቀየረ ግን ፈጠራ ገብቷል። ማስረጃ የሚሆን መስመር ያልተገኘለት ርዕስም ይሰረዝ።

ይህ አቀራረብ የሥራ ክፍተትን ይደብቃል ብለው የሚጠረጥሩ ቀጣሪዎች አሉ፤ ጥርጣሬያቸውም መሠረት አለው። ስለዚህ ከታች ድርጅቱን፣ የሥራ መደቡንና ዓመታቱን ብቻ የያዘ አጭር ዝርዝር ይቀመጥ። ክፍተት ካለ እዚያ ይታያል፤ መታየቱም ከላይ የሰፈረውን ተአማኒ ያደርገዋል።