ስድሳ ሁለት ዓመት የዘገየ ማብራሪያ

እ.ኤ.አ. በጥር 1939 አንዲት ወጣት ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተነስታ በዚያው ግዛት ወደምትገኘው ዳቨንፖርት ከተማ ሄደች። ሜሪ ቱዶር ትባላለች፤ የንግግር እክልን የምታጠና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። የሄደችበት ቦታ በስሙ የወታደር ልጆች ማሳደጊያ ቢሆንም፣ በዚያን ዘመን ወላጅ የሌላቸውንም ወላጅ ኖሯቸው ማሳደግ ያቃታቸውንም ልጆች የሚያስጠጋ ትልቅ ግቢ ነበር። እዚያ ከሚኖሩት መካከል ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 22 ልጆች ለጥናቷ ተመረጡ። ለምን እንደተመረጡ ግን አንዳቸውም አያውቁም።

ከ22ቱ አሥሩ ይንተባተባሉ የተባሉ ናቸው፤ አሥራ ሁለቱ ደግሞ አነጋገራቸው እንደማንኛውም ልጅ ነው። ታሪኩን እስከ ዛሬ የሚያስነሳው ከአሥራ ሁለቱ የስድስቱ ጉዳይ ነው። ቱዶር እነዚህን ስድስት ልጆች አንድ በአንድ እያስቀመጠች፣ አነጋገራችሁ ችግር አለበት፣ የመንተባተብ ምልክት እየታየባችሁ ነው፣ አሁኑኑ ካላቆማችሁት ይብስባችኋል ትላቸው ነበር። ካልተስተካከለላችሁ አትናገሩ እስከማለትም ደርሳለች። በግቢው ውስጥ በጣም የሚንተባተብ ልጅ እየጠቀሰች፣ እሱም እንዲሁ ነው የጀመረው ብላ አስፈራርታቸዋለች። የማሳደጊያው መምህራንና ሞግዚቶችም ልጆቹ የመንተባተብ ምልክት እንዳላቸው ተነግሯቸው ስለነበር፣ ልጆቹ በተናገሩ ቁጥር እርማት ከየአቅጣጫው ይወርድባቸው ጀመር።

ይህን ያሰበው የቱዶር አማካሪ ዌንደል ጆንሰን ነው። ጆንሰን ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ተብታባ ነበር፤ የችግሩን ምንጭ ፍለጋ ዕድሜውን የሰጠ ሰው ነው። የጊዜው ሊቃውንት መንተባተብ ከአእምሮ አሠራር የሚመጣ ነው ሲሉ፣ እሱ ግን ልጁ ላይ የሚጀምረው ወላጅ ተራ የሆነውን መደነቃቀፍ ሰምቶ ሲደነግጥና ስም ሲያወጣለት ነው ብሎ ያምን ነበር። ሐሳቡ እውነት ከሆነ ጤነኛን ልጅ ተብታባ እያሉ ተብታባ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። ሐሳቡን መፈተሽ የሚቻለው ደግሞ እንዲህ እየተባለ ቢጎዳ ማንም በማይጠይቅለት ልጅ ላይ ነው። እኔ ከጥናቱ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ስሌት ነው፤ የገዛ ልጁን ለዚህ ሙከራ የሚሰጥ አባት በከተማው ውስጥ አይገኝም ነበር።

ስድስቱ ልጆች በጥቂት ወራት ውስጥ የሆኑትን ቱዶር ራሷ በዝርዝር መዝግባዋለች። የ15 ዓመቷ ልጅ ስትናገር ጣቷን ማጮህ ጀመረች። ለምን እንደምታደርገው ስትጠየቅ፣ «አ» እንዳልል ፈርቼ ነው አለች። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ቃሉን ከማውጣቱ በፊት ቆም እያለ፣ አሁን ይቸግረኛል ብሎ ማስጠንቀቅ አመጣ፤ ድምፁ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ ይመስለው ነበር። የ12 ዓመቷን ልጅ፣ ጓደኛሽ ችግርሽን ታውቃለች ወይ ስትላት፣ አታውቅም፣ ከእሷ ጋር ብዙም አላወራም አለቻት። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ጭራሽ ዝም አሉ፤ ትምህርታቸውም ተጎዳ።

የሚገርመው፣ ከስድስቱ አንዳቸውም እውነተኛ ተብታባ አልሆኑም። እ.ኤ.አ. በ2002 የዘርፉ ባለሙያዎች መረጃውን እንደገና መርምረው፣ ጥናቱ የጆንሰንን ሐሳብ እንደማይደግፍ ጽፈዋል። በልጆቹ ላይ የደረሰው ሌላ ነገር ነው፤ ምላሳቸው ደህና ሆኖ ሳለ መናገር አፈሩ። ጥናቱ የፈለገውን ሳያገኝ ያልፈለገውን ጉዳት አድርሶ አለፈ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፈቃድ የሚባለውን ነገር ጠጋ ብለን እንየው። ለዚህ ጥናት ፈቃድ አልተሰጠም ማለት አይቻልም፤ ማሳደጊያው በሩን ከፍቷል፣ ልጆቹንም አቅርቧል። ልጆቹ ላይ በሕግ የሚያዘው እሱ ነበርና በወረቀት ደረጃ የሚጎድል የለም። ነገር ግን ፈቃጁ ከሚደርሰው ጉዳት አንዳች የማይቀምስ፣ ጉዳቱን የሚቀምሰው ደግሞ ያልተጠየቀ ነው። ልጁ ተጠይቆ ቢሆን እንኳ፣ የሚያበላውና የሚያስተኛው አስተዳዳሪ አጠገብ ቆሞ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ትልቅ ሰው ፊት እንቢ የሚል የ5 ዓመት ልጅ ከየት ይመጣል?

ዛሬ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ይህን ቀዳዳ በሁለት መንገድ ለመድፈን ይሞክራል። የመጀመሪያው፣ ከአሳዳጊው ፈቃድ ሌላ የልጁን የራሱን እሺታ መጠየቅ ነው። ደንቡ እዚህ ላይ አንዲት ጥሩ ነገር አስቀምጧል፤ ልጁ ስላልተቃወመ ብቻ ተስማምቷል አይባልም። እሺታው በአፉ ወይም በሌላ ግልጽ መንገድ መታወቅ አለበት። ሁለተኛው በመንግሥት ወይም በድርጅት እጅ ላሉ ልጆች የተደነገገ ነው። ጥናቱ ከዕለት ተዕለት ኑሮ የበለጠ አደጋ ካለውና ለልጁ በቀጥታ የማይጠቅም ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ከተመራማሪውም ከማሳደጊያውም ጋር ያልተነካካ ጠበቂ ይመደብለታል። ይህ ሰው ሥራው ስለ ልጁ ብቻ ማሰብ ነው። ዳቨንፖርት ላይ እንዲህ ዓይነት አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥናቱ የመጀመሪያውን ሳምንት ማለፉን እጠራጠራለሁ።

ተመራማሪ ሁልጊዜ እውነቱን ሁሉ ይናገር ማለት ግን አይደለም። የሥነ ልቦና ጥናት አንዳንዴ ካልደበቀ አይሠራም። ሰው ለጓደኛው ምን ያህል እንደሚያደላ የሚያጠና ሰው፣ ማድላታችሁን ልመዝን ነው ብሎ ከጀመረ ሁሉም ፍትሐዊ ሆኖ ይውላል። ስለዚህ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የሥነ ምግባር ሕግ ማታለልን ጨርሶ አልከለከለም። ጥናቱ የሚያስገኘው ጥቅም ማታለሉን የሚመዝን፣ ሳያታልሉ የሚሠራበት መንገድም የጠፋ መሆን አለበት። ከባድ የስሜት ጭንቀት ያመጣል ተብሎ በሚገመት ጉዳይ ላይ ግን ተሳታፊን ማታለል አይፈቀድም። እኔ በሁለት ዓይነት ውሸት መካከል ልዩነት አያለሁ። አንዱ ስለ ሥራው የሚነገር ውሸት ነው፤ ጨዋታው የትውስታ ነው ብሎ ትዕግሥትን መለካት ይሆናል። ሌላው ለሰውየው ስለ ራሱ የሚነገር ውሸት ነው። ሁለተኛውን ልጅ ሰምቶ ክፍሉ ውስጥ ትቶት አይወጣም፤ ይዞት ይተኛል።

ማታለል በተፈቀደበት ሁሉ ዕዳ አለበት፤ ጥናቱ ሲያበቃ ተሳታፊውን አስቀምጦ እውነቱን መግለጥ ያስፈልጋል። ሕጉ ይህ ገለጻ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ መረጃው ተሰብስቦ ሲያልቅ እንዲደረግ ያዛል። ብዙ ተመራማሪ እዚህ ላይ ይዘናጋል፤ እውነቱን ከተናገርኩ ውሸቱ ጠፋ ብሎ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሊ ሮስና ባልደረቦቹ ይህ እምነት ልክ አለመሆኑን አሳይተዋል። ተማሪዎችን ሰብስበው አንድ ከባድ የመለየት ፈተና ሰጧቸው። ከዚያም መልሳቸውን ሳያዩ ለአንዳንዶቹ ድንቅ ችሎታ አላችሁ፣ ለሌሎቹ ደካማ ናችሁ አሏቸው። ቀጥለውም ያልነው ሁሉ የፈጠራ ነው፣ አስቀድሞ በዕጣ የተወሰነ ነው ብለው ገለጡላቸው። ተማሪዎቹ ማብራሪያውን ሰሙ፣ ገባንም አሉ። ስለ ችሎታቸው ሲጠየቁ ግን ድንቅ የተባሉት አሁንም ራሳቸውን ከፍ፣ ደካማ የተባሉትም ዝቅ አድርገው ገመቱ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይህንን ነው። የሮስ ጥናት መፍትሔም ጠቁሟል። ያልኩህ ውሸት ነው ከማለት አልፎ፣ እንዲህ ዓይነቱ ወሬ ሐሰትነቱ ከታወቀ በኋላም ልብ ውስጥ እንደሚቀር ለተሳታፊው ራሱን ዘዴውን ማስረዳት በእጅጉ ይሻላል። ያ እንግዲህ የሠራው ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ሰው ላይ ነው።

ቱዶር ጥናቷን እንዳበቃች ልጆቹ እውነቱ አልተነገራቸውም። እሷን ግን ሳይከነክናት አልቀረም፤ በራሷ ፈቃድ ሦስት ጊዜ ወደ ማሳደጊያው ተመልሳ፣ ንግግራችሁ ደህና ነው እያለች ልታስተካክላቸው ሞክራለች። አልሆነላትም። ልጆቹ አሁንም ፈተና ላይ መሆናቸውን አያውቁምና ትናንት ትንተባተባላችሁ ያለች ሴት ዛሬ ደህና ናችሁ ብትል ምን ብለው ይመኗት? የመመረቂያ ጽሑፏ ተጠርዞ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ጆንሰንም በስሙ አላሳተመውም። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች በመካከላቸው የጭራቁ ጥናት ይሉት ጀመር።

አቋርጦ መውጣት የሚባለውም መብት እንዲሁ ነው። ዛሬ ማንኛውም ተሳታፊ ምክንያት ሳይሰጥ በፈለገበት ሰዓት ተነስቶ መሄድ ይችላል፤ መታለሉን ካወቀም የሰጠው መረጃ ከጥናቱ ይውጣልኝ ማለት ይችላል። ልጅ ግን ጥናቱን አቋርጫለሁ አይልም። ሽንቴ መጣ ይላል፣ መስኮቱን ያያል፣ አንድ ጥያቄ ሦስቴ ቢጠየቅም ዝም ይላል። ጥሩ ተመራማሪ እነዚህን እንደ እንቢታ ቆጥሮ ወረቀቱን ያጥፋል። የዳቨንፖርቶቹ ልጆች ዝምታ ግን የተቆጠረው እንደ ውጤት ነው። የ12 ዓመቷ ልጅ በበኩሏ በሌላ መንገድ ወጣች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከማሳደጊያው ጠፋች።

ልጆቹ እውነቱን የሰሙት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ያውም ከአንድ የካሊፎርኒያ ጋዜጣ። (ጋዜጠኛው ስማቸውን ያገኘው በጋዜጠኝነት ሳይሆን በተማሪነቱ መዝገብ ቤት ገብቶ ነበርና ይህም በተራው የሥነ ምግባር ጥያቄ አስነስቶበት ሥራውን ለቋል።) ዩኒቨርሲቲው በዚያው ዓመት በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በ2007 ደግሞ የአይዋ ግዛት ለከሳሾቹ በድምሩ 925,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያኔ በሕይወት የነበሩት ሁሉ አርጅተው ነበር።

እርስዎም ከልጅዎ ትምህርት ቤት የጥናት ፈቃድ ቅጽ ቢመጣልዎ፣ ከመፈረምዎ በፊት ተመራማሪውን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ለልጄ ስለ ራሱ ምን ትነግረዋለህ? መቀጠል ካልፈለገስ በምን ታውቃለህ? ለሁለቱም ቀጥተኛ መልስ ካላገኙ ቅጹን ሳይፈርሙ ይመልሱት።