ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ያለ አንጉላር ሞመንተም

አንጉላር ሞመንተም ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የሚሽከረከር ነገር ነው፤ እንዝርት፣ ጎማ፣ በዛቢያዋ ላይ የምትዞር መሬት። በትምህርት ቤትም ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ስለዚህ ቀጥ ባለ መስመር ላይ አንድም ጊዜ ሳይታጠፍ የሚሄድ ነገር ጭምር አንጉላር ሞመንተም አለው ሲባል ተማሪው ግር ይለዋል። ያልዞረ ነገር የመዞርን መጠን ከየት ያመጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ወደዚህ ሐሳብ ለመግባት ከእንዝርቱ ይልቅ ቀጥ ያለው መስመር የተሻለ በር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ የሚከተሉት ሕግ ራሱ የተወለደው ከዚሁ መስመር ነው።

አንድ ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና እናስብ። 1000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ፍጥነቱን ሳይጨምርና ሳይቀንስ በሰከንድ 20 ሜትር እየተጓዘ ነው። ከጎዳናው 30 ሜትር ገባ ብሎ አንድ ሰው ቆሟል፤ መኪናውን በዓይኑ ይከተላል። መኪናው ገና ሩቅ ሳለ ሰውየው አንገቱን የሚያዞረው እምብዛም ነው። መኪናው ከፊት ለፊቱ ሲደርስ ግን በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 38 ዲግሪ በሚያህል ፍጥነት መዞር ይኖርበታል፤ ካለፈው በኋላ ደግሞ አዟዟሩ እንደገና ይዘገያል። መኪናው አልታጠፈም፤ ከሰውየው ወደ መኪናው የተዘረጋው የዓይን መስመር ግን ዞሯል። አንጉላር ሞመንተም ሁልጊዜ የሚለካው ከአንድ ከተመረጠ ነጥብ አንጻር የሆነውም ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ነጥቡ ሰውየው የቆመበት ቦታ ነው።

አሁን የመኪናውን ፍጥነት ለሁለት እንክፈለው። አንደኛው ክፍል በዓይን መስመሩ ላይ ያለው ነው፤ መኪናውን ወደ ሰውየው ያቀርበዋል ወይም ያርቀዋል እንጂ መስመሩን አያዞረውም። ሁለተኛው መስመሩን በቀጤ ነክ የሚያቋርጠው ነው፤ የጎን ፍጥነት እንበለው። የሚያዞረው እሱ ብቻ ነው። አንጉላር ሞመንተም ማለት የመኪናው መጠነ ቁስ፣ ከሰውየው ያለው ርቀትና ይህ የጎን ፍጥነት ሲባዙ የሚገኘው ቁጥር ነው።

መኪናው ከሰውየው ፊት ለፊት ሊደርስ በመንገዱ ላይ 40 ሜትር ሲቀረው ከሰውየው ያለው ርቀት 50 ሜትር ነው፤ 30፣ 40 እና 50 ጎኖቹ የሆኑት ጎነ ሦስት ይህን ይሰጠናል። በዚያች ቅጽበት የጎን ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ሜትር ይሆናል። 50 ሲባዛ በ12 600 ነው። ፊት ለፊቱ ሲደርስ ርቀቱ 30 ሜትር ሆኖ ያነሰ ሲሆን ፍጥነቱ ግን በሙሉ የጎን ፍጥነት ሆኗል፤ 30 ሲባዛ በ20 አሁንም 600። 400 ሜትር ርቆ ሲሄድ የጎን ፍጥነቱ ወደ 1.5 ሜትር ይወርዳል፤ ርቀቱ ግን 400 ሜትር ገደማ ነው፤ ብዜቱ ከ600 ፈቀቅ አይልም። በመኪናው መጠነ ቁስ ስናባዛው 600,000 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ በሰከንድ ይሆናል፤ መኪናው የትም ይሁን የት ይኸው ነው።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የጎን ፍጥነቱ ልክ በግማሽ ይወርዳል፤ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ አሥረኛ። አንዱ የጨመረውን ሌላው ስለሚቀንሰው በመጨረሻ የሚቀሩት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ የመኪናው ሙሉ ፍጥነት 20 እና ሰውየው ከጎዳናው የራቀበት ቀጤ ነክ ርቀት 30። ሁለቱም አይለወጡም። በሒሳቡ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ጋ ነው፤ በቀጤ ነኩ ርቀት ፈንታ መኪናው በዚያች ቅጽበት ያለበትን ርቀት ወስደው ከሙሉ ፍጥነቱ ጋር ያባዙታል። በ50 ሜትር ላይ 1000፣ በ30 ሜትር ላይ 600 ያገኙና አንጉላር ሞመንተሙ ተለወጠ ይላሉ። ምንም ሳይገፋውና ሳይጎትተው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለሚጓዝ ነገር ስሌት በየቦታው የተለያየ ቁጥር ካመጣ፣ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ርቀቱ ነው።

እስካሁን ያየነው ብዜቱ እንደማይለወጥ ነው። ለምን የሚለውን በተሻለ የሚያሳየው ግን ስፋት ይመስለኛል። የዓይን መስመሩ በዞረ ቁጥር ሜዳውን እንደሚጠርግ እናስብ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚጠርገው መሬት ጎነ ሦስት ነው፤ መሠረቱ መኪናው በሰከንዱ የተጓዘው 20 ሜትር፣ ጫፉ ሰውየው የቆመበት ነጥብ፣ ቁመቱ ደግሞ 30 ሜትር። ስፋቱ 300 ካሬ ሜትር ይሆናል። የሚቀጥለው ሰከንድ ጎነ ሦስት ከዚህኛው ይልቅ የተንጋደደና የቀጠነ ነው፤ መሠረቱና ቁመቱ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ስፋቱም ያው ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ መኪናው ከዓይን ተሰውሮ ጎነ ሦስቱ እንደ ክር ቢቀጥንም 300 ካሬ ሜትርነቱ አይጎድልም። አንጉላር ሞመንተም የዚህ በየሰከንዱ የሚጠረግ ስፋት እጥፍ በመጠነ ቁሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ 2 ሲባዛ በ300፣ ሲባዛ በ1000፣ ያው 600,000።

ታዲያ የሚለውጠው ምንድን ነው? ሾፌሩ ፍሬን ቢይዝና በመኪናው ላይ 2000 ኒውተን የሚሆን ኃይል ወደ ኋላ ቢያርፍበት፣ ይህ ኃይል ከሰውየው 30 ሜትር ርቆ በሚያልፈው መስመር ላይ ስለሚሠራ ቶርኩ 60,000 ነው። አንጉላር ሞመንተሙ በየሰከንዱ 60,000 እየቀነሰ በ10 ሰከንድ ያልቃል፤ መኪናውም በ10ኛው ሰከንድ ይቆማል። ሰውየው ከጎዳናው ዳር ሳይሆን ራሱ ጎዳናው ላይ ቢቆም ኖሮ ቀጤ ነኩ ርቀት ዜሮ፣ አንጉላር ሞመንተሙም ከመነሻው ዜሮ ይሆን ነበር፤ ፍሬኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ያንን ዜሮ አይነካውም። ነጥቡን መቀየር ቁጥሩን ይቀይራል፤ የተመረጠው ነጥብ ከቦታው እስካልተንቀሳቀሰና በነገሩ ላይ የሚያርፉት ኃይሎች እስከተጣፉ ድረስ ግን ከየትኛውም ነጥብ የተለካው ቁጥር ጸንቶ ይኖራል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር አስደናቂ ነው። ኃይል ቢኖርም እንኳ አቅጣጫው በትክክል ወደ ነጥቡ ወይም ከነጥቡ ወደ ውጭ ከሆነ የጎን ፍጥነቱን በቀጥታ አይነካም፤ ቶርክ የለውም። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው «ፕሪንኪፒያ»፣ በአንደኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ፕሮፖዚሽን ያደረገው ይኸው ነው። ፀሐይን ነጥብ «ፀ» እንበላት። አንድ አካል ያለ ምንም ኃይል በአንድ የጊዜ ክፋይ ከ«ሀ» ወደ «ለ» ይሄዳል፤ ማንም ካልነካው በሚቀጥለው እኩል ክፋይ በዚያው መስመር እስከ «መ» በደረሰ ነበር። ሁለቱ ጎነ ሦስቶች «ፀሀለ» እና «ፀለመ» ስፋታቸው እኩል ነው፤ በጎዳናው ላይ ያየነው ማለት ነው። አሁን አካሉ «ለ» ላይ ሲደርስ ፀሐይ አንድ ጊዜ ወደራሷ ትጎትተዋለች። መንገዱ ይታጠፍና በ«መ» ፈንታ «ነ» ላይ ያርፋል። ጉተታው ከ«ለ» ወደ «ፀ» ስለሆነ ከ«መ» ወደ «ነ» የተደረገው ፈቀቅታ ከመስመር «ፀለ» ጋር ትይዩ ነው። «ፀለ»ን የጋራ መሠረት ካደረግን ሁለቱ ጫፎች «መ» እና «ነ» ከዚያ መሠረት እኩል ይርቃሉ፤ ስለዚህ «ፀለነ» ከ«ፀለመ» ጋር እኩል ነው። ጉተታው መንገዱን አጠፈ፤ ስፋቱን ግን አልነካም። የጊዜ ክፋዮቹን እያሳነሱ ጉተታውን ያለማቋረጥ ሲያደርጉት የተሰባበረው መስመር ምህዋር ይሆናል። ዮሐንስ ኬፕለር በቲኮ ብራሄ የማርስ ምልከታዎች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1609 ያሳተመው ሕግ፣ ፕላኔት በእኩል ጊዜ እኩል ስፋት ትጠርጋለች የሚለው፣ በዚህ መንገድ ምክንያቱ ተገኘለት። እኔ በፊዚክስ ውስጥ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ከዚህ የበለጠ የምወደው የለም፤ መሣሪያው የጎነ ሦስት ስፋት ብቻ ነው።

ይህ ሕግ በእኛ ዘመን ሲሠራ ያየነው ከሌላ ኮከብ ሠፈር በመጣ አንድ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2017 በሃዋይ፣ ማዊ ደሴት በሃሌአካላ ተራራ ላይ ያለው ፓን-ስታርስ ቴሌስኮፕ ኦሙአሙአ የተባለውን አካል አገኘ። ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጭ መጥቶ በመካከላችን ሲያልፍ የታየ የመጀመሪያው አካል ነው። ከሩቅ ሲመጣ የፀሐይ ስበት እምብዛም ስለማይሰማው መንገዱ ቀጥ ያለ መስመር ነበር ማለት ይቻላል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 26.3 ኪሎ ሜትር። ያ መስመር ሳይታጠፍ ቢቀጥል ኖሮ ከፀሐይ 127 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለፈ ነበር። ይህ 127 በጎዳናው ምሳሌ የ30 ሜትሩን ቦታ የያዘው ነው። ፀሐይ ግን ጎትታ አጠፈችውና መስከረም 9፣ 2017፣ በእነርሱው አቆጣጠር፣ በ38.3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት አጠገቧ አለፈ።

በዚያች ቅርብ ነጥብ ላይ አካሉ መቅረቡን ጨርሶ መራቅ ስላልጀመረ ፍጥነቱ በሙሉ የጎን ፍጥነት ነው። ስለዚህ 26.3ን በ127 አባዝተን ለ38.3 ብናካፍለው በሰከንድ 87 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን፤ ምህዋሩን ያሰሉ ሊቃውንት የሰጡትም ፍጥነት ይኸው ነው። መጠነ ቁሱን ማንም አልመዘነውም፤ ግን በሁለቱም ወገን ስላለ ይጣፋል፤ ማወቅ አያስፈልገንም።

ኦሙአሙአ ሲርቅ ደግሞ በስበት ብቻ የማይገለጽ ትንሽ ተጨማሪ መፋጠን ታየበት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች ይፋ አድርገውታል። ምንጩ እስካሁን ያከራክራል። ከልኬቶቹ ጋር በደንብ የሚስማማው ግን ከፀሐይ ቀጥታ ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ግፊት በፀሐይና በአካሉ መካከል ባለው መስመር ላይ ስለሚያርፍ ቶርክ የለውም፤ አካሉን ከታሰበለት ቦታ ወደ ፊት ያስቀድመዋል፣ በየሰከንዱ የሚጠርገውን ስፋት ግን አይለውጠውም።